አሲያ የነገረቻት ቁጥር

አሲያ ከሮቢት በሚኒባስ እየተመላለሰች ቆቦ የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሽንኩርት ገበሬ ልጅ ብትሆንም እጇ ከጠመኔ እንጂ ከዶማ አልተዋወቀም፤ አባቷ «አንደኛዬ» እያለ አሞላቆ ነው ያሳደጋት። ዘንድሮ ግን ፍሬሰላም የምትባል የጎብዬ ልጅ ተዛውራ መጣችና አንደኝነቱን ቀማቻት። አሲያ ቅናት አንገበገባት። የልጅቱ ሳቅ እንኳ ያናድዳት ጀመር።

በዚህ ላይ ወልድያ ለሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር በባዮሎጂ የምትሄደው አንዲት ብቻ ሆነች። የባዮሎጂ መምህሩ ፈንታው ሁለቱን ሰኞ ሰሌዳ ላይ ሊፈትኗቸው ቀጠሩ፤ ጥያቄው ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበት የሲትሪክ አሲድ ዑደት ነው። ፍሬሰላም ያ ትምህርት ሲሰጥ ወባ ጥሏት ቀርታ ነበር።

«አሲዬ፣ በአንድ ዙር ስንት ኤሌክትሮን ተሸካሚ ይወጣል?» ብላ አብረው በሚመላለሱበት ሚኒባስ ውስጥ ጠየቀቻት።

አሲያ ሦስት ኤንኤዲኤችና አንድ ኤፍኤዲኤች2 መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ምላሷ ግን ሌላ አለ። «ስድስት ኤንኤዲኤችና ሁለት ኤፍኤዲኤች2። ወላሂ፣ እሱን ያዢ!»

ሰኞ መጀመሪያ የተጠራችው ፍሬሰላም ናት። ባለ ሁለት ካርቦኑ አሴታይል ኮኤ ከባለ አራቱ ኦክሳሎአሴቴት ጋር ሲጣመር ባለ ስድስት ካርቦን ሲትሬት እንደሚሆን ጻፈች። ከጎኑም «ስድስት ኤንኤዲኤች» ብላ አከለች። አሲያ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ፍሬሰላም ግን ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ዑደቱን እንደገና በጣቷ ዞረችው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ሁለቴ ነው፤ በእያንዳንዱም አንድ ኤንኤዲኤች ይገኛል። ቀጥሎ አንድ ኤቲፒ፣ ከሰክሲኔት አንድ ኤፍኤዲኤች2፣ ከማሌት ደግሞ የመጨረሻው ኤንኤዲኤች። ኦክሳሎአሴቴት ተመልሶ መጣ። ስድስቱን አጥፍታ ሦስት ጻፈች።

«ስድስቱን ከየት አመጣሽው?» አሉ መምህር ፈንታው።

«አሲያ ናት የነገረችኝ። ለካ የአንድ ሙሉ ግሉኮስ ነው የነገረችኝ! ከአንድ ግሉኮስ ሁለት አሴታይል ኮኤ ስለሚገኝ ዑደቱ ሁለቴ ይዞራል። እኔ የጠየቅኋት የአንዱን ዙር ነበር፤ እሷ አርቃ አሰበችልኝ። ማርያምን፣ ያለ እሷ ይሄ አይገባኝም ነበር።»

መምህሩ ለመለያ ሊጠይቁ ያሰቡት ቀጣዩ ጥያቄ ይኸው የግሉኮሱ ነበር፤ ሳይጠየቅ ስለተመለሰ ሌላ ፈተና አላስፈለጋቸውም። «ወልድያ አንቺ ትሄጃለሽ» አሉና ወደ አሲያ ዞሩ። «ለጓደኛዋ እንዲህ ለምታስብም አጨብጭቡላት!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አሲያ ሳምንቱን ሙሉ የተመኘችው ጭብጨባ ነበር። ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ከትምህርት በኋላ ፍሬሰላም ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ቦታ ይዛ በመስኮት ተጣራች። «አሲዬ፣ ነይ እንጂ!»

«ሂጂ» አለች አሲያ። «እኔ ሌላ መኪና እጠብቃለሁ።»