የአቶ ሚልኬሳ አውራ ጣት

አቶ ሚልኬሳ ከሰኞ ጀምሮ የተናደዱት በአንድ ደብዳቤ ነው። ጡረታቸው ቆመ! እሳቸው በሰው አገር፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የኪራይ ቤታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ይቅርታ፣ ተኝተው እየተነፈሱ፣ በሕይወት መኖራቸው አልተረጋገጠም ተባለ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከጣለው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ምላሳቸውን ግን፣ ጎረቤት ይመስክር፣ አልነካውም።

እዚያው ከተማ ጊጊሪ ሰፈር በሚገኝ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት የሬድዮ ቴክኒሻን ነበሩ። ጡረታው ካልመጣ የምታገላብጣቸው አስታማሚ ማርታ ወሩ ሲያልቅ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ጀርባቸው ይቆስላል።

«ማነው የፈረመው?» ብለው ልጃቸውን ልዕልትን አፋጠጧት።

«እኔ ነኝ አባዬ። ያንተን አስመስዬ።»

የጡረታ ፈንዱ በየዓመቱ ቅጽ ይልካል፤ ባለጡረታው ራሱ ፈርሞ መመለስ አለበት። ልዕልት የአባቷን ያንን ባለ ጭራ ፊርማ ሦስት ቀን ተለማምዳ አሳምራ ጻፈችው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። ፈንዱ ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ አልገጠመም። ውክልና ያለው ሰው እንኳ በባለጡረታው ስም መፈረም እንደማይችል ደብዳቤው ይናገራል። መፈረም ያልቻለ ሰው በሐኪም ፊት የጣት አሻራውን ያኖራል፣ ሐኪሙም ምክንያቱን ጽፎ ፈርሞ ማኅተም ይመታል። ትክክለኛው ቅጽ ሲደርስ ክፍያው ይቀጥላል፣ የቀረውም አብሮ ይከፈላል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ልዕልት፤ እሷም ነደዳት። «አምና ጣትህን ስልህ ከቤት አባረርከኝ! ፎርሙ ዴድላይን አለው አባዬ!»

እውነቷን ነው። በዘመቻው ዘመን ወሎ ወርደው ገበሬ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። «በጣት መፈረም ይብቃ፣ ስማችሁን ጻፉ» እያሉ ስንቱን ተቆጥተዋል። አሁን እሳቸው ጣት?

ቅዳሜ ዶክተር ሀቢብ ከክሊኒኩ መጣ። አዲስ ከኢንተርኔት የወረደውን ቅጽ ትራስ ላይ ዘረጋና የቀለሙን ሳጥን ከፈተ።

«መጻፍ የማውቅ ሰው መሆኔን ጻፍልኝ» አሉት።

«ለሱ ቦታ የለውም አባቴ። በሕመም ምክንያት መፈረም እንዳልቻሉ ነው የምጽፈው።»

አቶ ሚልኬሳ የግራ አውራ ጣታቸውን በንዴት ወረቀቱ ላይ ደፈቁት። አሻራው ተድበስብሶ ጥቁር ጭቃ ሆነ።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለ ዶክተሩ።

ልዕልት ሌላ ቅጽ ለማሳተም ሄደች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እስክትመለስ ድረስ አቶ ሚልኬሳ ሰውን ሁሉ ረገሙ፤ ፈንዱን፣ ስትሮኩን፣ ዶክተሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቢ ብለው ልጃቸውን ለውሸት የዳረጉትን ራሳቸውን። ስትመለስ ጣታቸውን ዘረጉላት። ልዕልት ይዛ በቀስታ አሳረፈችው፤ መስመሩ አንድ ባንድ ወጣ። ዶክተሩ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ።

ቀለሙን በጨርቅ ልትጠርግላቸው ስትል እጃቸውን ነጠቋት።

«ተይው!» አሉ። «ይሄኛው የኔ ነው።»