የጡቡ ግድግዳ ድርሻ

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው እጇ ነው። ስታስብ የግራ እጇን አመልካችና ትንሿን ጣት ዘርግታ ማስመሪያ ታጋድምባቸዋለች፤ በቀኟ ደግሞ ላጲስ አንስታ ማስመሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ታንፏቅቃለች። ላጲሱ የተጠጋው ጣት ክብደቱን ይሰማዋል፣ የራቀው ይቀለዋል። የቢሮ ባልደረቦቿ «ደግሞ ድልድይ መሥራት ጀመረች» እያሉ ይስቁባታል። እሷ አትስቅም። ግድግዳም ሆነ ዓምድ የተጫነውን ያህል ወደ ላይ መልሶ እንደሚገፋ ከተማረች ጀምሮ ነገሩ እስከዛሬ ይደንቃታል። ዝም ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ለካ ሥራ ላይ ነው!

ከአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ትንሽ የዲዛይን ቢሮ ውስጥ መሐንዲስ ናት። እስካሁን የሠራችውን ሁሉ አለቃዋ አይቶ ይፈርምበት ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሠርታ፣ ብቻዋን ፈረመች። ሥራው ትንሽ ነው፤ አንድ ጋራዥ ውስጥ በስድስት ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ድጋፎች ላይ የሚጋደም የብረት ቢም። በአንድ በኩል አዲስ የኮንክሪት ዓምድ አለ፤ በሌላው በኩል አሮጌ የጡብ ግድግዳ። ቢሙ ላይ በሰንሰለት ዕቃ የሚያነሱ ሁለት ፓራንኮዎች ይንጠለጠላሉ፤ ትልቁ የከባድ መኪና ሞተር፣ ትንሹ ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የሚያነሳ። ከግድግዳው ጀርባ የአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤት ውስጥ፣ ታናሽ እህቷ የኮሌጅ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

«እታለም፣ እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ከባዱ ጭነት ለ«ሀ» ድጋፍ ነው የሚቀርበው። ታዲያ መጽሐፉ ለምን «ለ» የበለጠ ይሸከማል ይላል?»

«ሀ የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው!» አለች ታናሽ፣ በጣቷ እየጠቆመች።

«እሱማ ለ ነው፤ ሀ የሚባለው የግራው ጫፍ ነው። ወረቀቱ ወደ እኔ ዞሮ እያለ በዚያ በኩል ሆነሽ ስታዪው እኮ ያንቺ ግራ የእኔ ቀኝ…»

ዓረፍተ ነገሩ አፏ ላይ ቀረ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

ዓይኗ ላይ የመጣው ለጋራዡ የሰጠችው ወረቀት ነው። አንድ መስመር፣ ከሥሩ ድጋፎቹን የሚያሳዩ ሁለት ትሪያንግሎች፣ ሀ እና ለ። ትልቁ ፓራንኮ ከሀ አንድ ሜትር ተኩል፣ ትንሹ ከሀ አራት ሜትር ተኩል። ስትስለው በሐሳቧ ከበሩ ገብታ ቆማ ነበር፤ በግራዋ ዓምዱ፣ በቀኟ ግድግዳው። ይህን ግን የትም አልጻፈችውም። ፓራንኮዎቹን የሚገጥመው በያጅ ደግሞ፣ ባለፈው ሄዳ እንዳየችው፣ መወጣጫውን ያቆመው ከጋራዡ ውስጠኛ ጫፍ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ለእሱ ግራው ጡቡ ነው።

ለባለ ጋራዡ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች።

«ዛሬ ነው ሞተሩን ሰቅለው የሚሞክሩት» አለች፣ ለእህቷም ለራሷም ሳይሆን ለበሩ፣ ጫማዋን እያጠለቀች።

ታክሲ ውስጥ ሒሳቡን በቃሏ ደገመችው፤ በሆነ ቦታ ስህተት እንዲገኝበት እየለመነች። ሞተሩ ሃያ ኪሎ ኒውተን፣ ካምቢዮው ስምንት። በ«ሀ» ዙሪያ ሞመንቱን፣ ጭነቱ ቢሙን ለማዞር የሚገፋበትን ኃይል፣ ስታሰላ፣ ሃያ ሲባዛ በአንድ ተኩል ሠላሳ፣ ስምንት ሲባዛ በአራት ተኩል ሠላሳ ስድስት። ድምሩ ስድሳ ስድስት፣ ለስድስት ሲካፈል የ«ለ» ድርሻ አሥራ አንድ። ቀሪው አሥራ ሰባት የ«ሀ»። ለማረጋገጥ ከ«ለ» በኩልም ሠርታው ነበር፤ ያው አሥራ ሰባት መጣ። የቢሙን የራሱን ክብደት ለሁለት ከፍላ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጨምራለች። ስለዚህ ጡቡ አሥራ ሁለት ይሸከማል። ሸክላውንና ሲሚንቶውን አይታ ከአሥራ ሦስት በላይ እንዳይጫንበት የወሰነችው ራሷ ናት።

ሒሳቡ እንከን የለውም። ግን ቦታው ከተገለበጠ ጡቡ ላይ የሚያርፈው አሥራ ስምንት ነው፤ ማረጋገጫው ደግሞ የቱ ጫፍ ዓምዱ፣ የቱ ጡቡ እንደሆነ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ፍጠን» አለችው ሾፌሩን።

«እህቴ፣ ክንፍ የለኝ፤ መንገዱን እያየሽው።»

አሥራ ሦስት የመፍረሻ ቁጥር አይደለም፣ እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ከሱ በላይ መጠባበቂያ ትርፍ አለ። ግን ያን ትርፍ ያስቀመጠችው ለማታውቀው ነገር ነበር፤ ለረሳችው ነገር አልነበረም።

ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ ሞተሩ መሬት ለቅቆ፣ በጡቡ በኩል ተንጠልጥሏል። ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። አንድ ሜካኒክ ከሥሩ ፈንጠር ብሎ ካምቢዮውን በሰንሰለት እያሰረ ነው።

«ኢንጂነር መጣች! ለምርቃቱ ደረስሽ» አለ ባለ ጋራዡ እየሳቀ። «እይልኝማ፣ ንቅንቅ አላለም!»

«ካምቢዮውን አታንሱ!»

«ምነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ሞተሩ በተሳሳተው ጫፍ ነው የተሰቀለው። ግድግዳው አጠገብ ማንም አይቁም። ልብስ ሰፊዋን እትዬን ከሱቃቸው ያውጧቸው፣ አሁን!»

ከግድግዳው ጀርባ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ባለ ጋራዡ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወርዶ እየሮጠ ወጣ። ድምፁ ከወዲያ መጣ፦

«ኧረ ውጪ!»

«ይህችን እጅጌ ልጨርስና…»

«እጅጌው ይቅር! ውጪ አልኩሽ!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ያኔ መሐንዲሷ ለሜካኒኩ ራሷን ነቀነቀችለት። «ቀስ አድርገህ፣ ሳታነቃንቅ አውርደው።»

ሰንሰለቱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይለቀቃል። ቢሙ ጡቡ ላይ ካረፈበት ሥር ቀጭን አቧራ ይፈሳል፤ ዓይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አልቻለችም። አሁን አሥራ ስድስት ነው፣ ካምቢዮው ስላልተሰቀለ፣ ትላለች በልቧ። አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት። ሞተሩ መሬት ላይ በተደረደሩ የእንጨት ጉማጆች ላይ ሲቀመጥ ሰንሰለቱ ላላ፤ የጡቡ ድርሻ ወደ አንድ ወረደ። አቧራው ቆመ። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብቻ ቀረ።

ባለ ጋራዡ ተመልሶ ሲገባ በያጁን ገላመጠው። «አንተ ሰውዬ! ግራና ቀኝህን አታውቅም?»

«ወረቀቱ ከሀ ነው የሚለው» አለ በያጁ፣ ጓንቱን አውልቆ እያሻሸ። «እኔ ደግሞ ከጀመርኩበት ነው ሀ ያልኩት። ሌላ ምን ልበል?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ዝም ብትል ነገሩ እሱ ላይ ይቀር ነበር።

«እሱ አላጠፋም፣ ጋሼ» አለች። «ሒሳቡ ልክ ነው። ሀ ማለት ዓምዱ ነው ብዬ ግን አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ከነፊርማሽ?»

«ከነፊርማዬ።»

ባለ ጋራዡ ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ። «አለቃሽ መጥቶ ሳያየው ከእንግዲህ ምንም አይሰቀልም።»

«ልክ ነዎት። እኔው እነግረዋለሁ።»

በያጁ ባዶዎቹን ፓራንኮዎች ለማቀያየር መወጣጫውን መግፋት ጀመረ። «አንቺ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም እኮ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልመጣላትም። ውጭ ልብስ ሰፊዋ መርፌ የተሰካበትን እጅጌ በእጇ እንደያዘች የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማለች። ስንጥቁ በእሷም በኩል አልፎ እንደሆነ አልታየም፤ ምን እንደሆነ የነገራትም የለም። መሐንዲሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ከጋራዡ በር ወጣችና፣ ጥጉን ታካ ወደ ሴትየዋ ሄደች።