ንጋቷ ለማስተርስ የጻፈችው

በአማን ከተማ ሆስፒታል በወላዶች ክፍል ነርስ ሆና ዓመታት የገፋችው ንጋቷ፣ በአዋላጅነት ማስተርስ ለመማር የጻፈችውን የማመልከቻ ደብዳቤ ለእናቷ ለወይዘሮ ሰርካዲስ አነበበችላቸው።

«ሙያዬን ለማሳደግና ሕዝቤን ለማገልገል...»

«ይሄንማ ካድሬም ይለዋል!» ሳቁ እናቷ። «ያቺ ከማጂ የመጣችው ወላድስ? እያለቀስሽ የገባሽ ዕለት?»

ንጋቷ ያን ዕለት አስታወሰች። ያኔ ገና ለጋ ነርስ ነበረች፤ ቡናው አብቦ ሽታው በመስኮት ይገባ ነበር። ልጁ ተወልዶ የእናቲቱ ደም አልቆም አለ። አዋላጇ ሌላ ሴት እያዋለደች ስለነበረች፣ እስክትመጣ ንጋቷ ደሙ እንዲቆም የሴትዮዋን ማህፀን በሆዷ በኩል እያሸች ቆየች። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ንጋቷ ግን እያለቀሰች ቤቷ ገባች።

የመጀመሪያውን መስመር ሰርዛ ጻፈች፦ «አንድ ቀን አዋላጅ እስክትደርስልኝ ጠብቄአለሁ። ከእንግዲህ የምደርሰው እኔ መሆን እፈልጋለሁ።»

«በይ አሁን ላኪው» አሏት እናቷ።