አርብ ከሰዓት የመለስኩት ሰውዬ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የብየዳ ቤቴ ውስጥ በርና መስኮት ስሠራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ብረቱን የምቆርጠው እኔ፣ የምበይደው እኔ፣ ቀለም የምቀባው እኔ። መርካቶ ወርጄ ቱቦላሬና ላሜራ ብረት የምገዛው እኔ፣ ዋጋ የምናገረው እኔ፣ ቀሪ ሒሳቡን የዘነጋ ሰው ቤት ሄጄ የምጨቃጨቀውም እኔ ነኝ። ድሮ ሠራተኞች ነበሩኝ። ከሰው ጋር አልስማማም፤ አንድ በአንድ ሄዱ።

ጥር ላይ አከራዬ መጣ። ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ ነው የሚኖረው። በእድሜ እኩያዬ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ከግንቦት ጀምሮ ኪራዩ ይጨምራል። የስድስት ወሩንም በቅድሚያ ትከፍላለህ» አለኝ።

«ባልከፍልስ?»

«ቤቱን የሚፈልግ ሞልቷል። አንተን ስለማውቅህ ነው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የታገስኩህ።»

ይህን ለሴት ልጄ ነገርኳት። ልጄ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ትንሽ ፀጉር ቤት አላት። እሷም እንደኔ ብቻዋን ናት፤ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሸጣ፣ ገዝታ፣ ማታ ጠርጋ ትዘጋለች። ልዩነታችን እሷ ቤቷ ሞልቶ መዋሉ ነው። ሰኞ፣ ቤቷ በሚዘጋበት ቀን፣ መጥታ አንድ ሙሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስሠራ አየችኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ «አባዬ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ብየዳህን ጥለህ ተነሳህ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። ሁለቴ የብየዳ ኤሌክትሮድ ልትገዛ ሄድክ። አንዱን ሰውዬ በስልክ ስትለምነው ግማሽ ሰዓት ፈጀህ። መስኮቱ ግን እንዳለ ነው።»

እውነቷን ነው። እውነት ደግሞ ከልጅ አፍ ሲወጣ ይከብዳል።

በሳምንቱ ሥራዬን በየቀኑ ከፋፍላ፣ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ አመጣችልኝ። ትልልቅ ያደረገችው ለኔ ብላ ነው፤ እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እንደ ልብ አላነብም። ሰኞ ጠዋት ሽያጭ። ይኸውም ተቀምጬ ገዢ መጠበቅ ሳይሆን፣ ብሎኬት እየተደረደረ ያለበት ቤት ሁሉ ሄጄ ባለቤቱን ማነጋገር፣ ዋጋ ጠይቀው ለጠፉት መደወል። ረቡዕ ጠዋት የሳምንቱን ብረት በአንድ ጉዞ ከመርካቶ መግዛት። አርብ ከሰዓት ገንዘብ። ቀሪ ያለባቸውን መጠየቅ፣ የእያንዳንዱን ሰው ቀብድ ለብቻው ማስቀመጥ፣ አንድ መስኮት በትክክል ስንት እንደሚፈጅ መጻፍ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል እቅድ። የማን በር በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ ምን እንደጎደለ። የቀረው ጊዜ ሁሉ ብየዳ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስልክ አይነሳም፣ ወሬ የለም።

«ገዢ በአርብ ቢመጣስ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ገዢ በመጣ ሰዓት ይስተናገዳል! ቀኑ የተከፈለው አንተ ተነስተህ ለምትሠራው ነው እንጂ ለሚመጣው ሰው አይደለም። ቁመትና ወርዱን ለክተህ፣ ስልኩን ተቀብለህ ሸኘው። ከዚያ ወደ ሥራህ።»

ይህን ሁለቴ ነገረችኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

በራችን ላይ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤቴ ሰምታ ሳቀች። «ጋሼ፣ እንግዲህ በስተርጅና ተማሪ ቤት ገቡ!» አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

ነገሩ መሥራቱ ነው የከፋኝ። በመጀመሪያው አርብ የአንድ መስኮት ወጪ ስጽፍ፣ ብረቱን፣ ኤሌክትሮዱን፣ መብራቱን፣ ቀለሙን፣ የመኪናውን ኪራይ፣ ስደምር የወጣው ከምሸጥበት ዋጋ በለጠ። ድጋሚ ደመርኩ። ያው ነው። ቱቦላሬ በየወሩ ሲንር እኔ ባለፈው ዓመት ዋጋ ስሸጥ ከርሜያለሁ። አንዱን መስኮት የምጨርሰው በሚቀጥለው ሰው ቀብድ ነበር። እኔ ደግሞ ገዢ ሲበዛልኝ ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ዋጋዬን አስተካክዬ ሰኞ ሰኞ ስዞር በሁለት ወር ሦስት ሥራ አገኘሁ። ቅዳሜ ስጽፍ ለሦስት ሰው አንድ ቀን ቀጥሬ እንደነበር አየሁ፤ ደውዬ አስተካከልኩ። ማንም አልጮኸብኝም።

ሰው ግን አፉን አይዘጋም። ሻይ ሻጯ ለመጣው ሁሉ፣ «ልጃቸው እኮ ናት ያቃናቻቸው» ትላለች። ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን አከራዬ ብቅ ብሎ ሥራ ተደርድሮ አየና፣ «አየህ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንጎል ያስፈልግህ ነበር። ልጅህ አበደረችህ!» አለ። እዚያ የነበሩት ሳቁ። ለቅድሚያ ክፍያው ግማሹን ያህል ይዣለሁ፤ ቀኑ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ይህን እያወቀ ነው የሳቀብኝ።

በማግስቱ አርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ከፍቼ ነበር። አንድ ፒክአፕ ቆመ። ወጣት ኮንትራክተር ወረደ። ሸሚዙ ላይ ሲሚንቶ አለበት፤ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

«አባቴ፣ ደህና ዋሉ? ሥራዎን ታች ያለው ቤት ላይ አይቼ ነው የመጣሁት። ባለ ሦስት ፎቅ እየጨረስኩ ነው። ሃያ ሁለት መስኮት፣ ዘጠኝ በር፣ የደረጃ መደገፊያ። ቀብዱን ዛሬውኑ እከፍላለሁ።»

ያ ቀብድ ብቻ ብረቱን ገዝቶ ያስጀምረኛል፤ የበሮቹ ትርፍ ደግሞ የአከራዬን አፍ ይዘጋል። ቢያንስ ሥራውን አሳይቼ አንድ ሳምንት እለምነው ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከዚያ የሐሙሱ ሳቅ መጣብኝ። በልጅህ አንጎል ነው የምትኖረው ተባልኩ አይደል? እንግዲያው በልጄ አንጎል ልኑርና እንየው አልኩ።

«ሰኞ ና» አልኩት።

«እ?»

«ሽያጭ ሰኞ ነው። ዛሬ አርብ ነው፤ የገንዘብ ቀን ነው።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። «እኔም እኮ ገንዘብ ይዤ ነው የመጣሁት፣ አባቴ!»

«ሰኞ ጠዋት አልኩህ እኮ።»

ሻይ ሻጯ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ያስተናግዱት እንጂ!»

«አንቺ ሻይሽን ሽጪ» አልኳት።

ሰውዬው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ ኮንክሪት አለብኝ፣ አባቴ፣ አልመጣም» ብሎ መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ሌላ ብየዳ ቤት አለ፤ እሱ ጋ ገባ። ከበራፌ ሆኜ ሜትሩ ሲዘረጋ፣ ሲጨባበጡ አየሁ። ተነስቼ ብጠራው ይሰማኝ ነበር፤ መንገዱ ሰፊ አይደለም። አልተነሳሁም። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ፤ የጻፍኩት ግን የለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ መጣች። ሻይ ሻጯ ሳትደውልላት አልቀረችም።

«አባዬ፣ ሰው መለስክ የተባለው እውነት ነው?»

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። እውነቱን መናገር እችል ነበር። «ሰውዬውን እንድመልስ ያደረገኝ ያንቺ ወረቀት ነው» አልኳት። «አርብ የገንዘብ ቀን ነው ብለሽ የለም? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንደ ጻፍሽው ነው የማደርገው።»

ፊቷ ተለወጠ። ሁለቴ ነግሬህ ነበር ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትል ለመጮህ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«በደንብ አላስረዳሁህም ማለት ነው» አለች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ይቅር በለኝ፣ አባዬ።»

ደብተሬን ዘጋሁት።

«የጎደለውን እኔ እሞላዋለሁ» አለች። «ነገ ቅዳሜ ባንክ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። ለኮንዶሚኒየም የቆጠብኩትን አወጣዋለሁ።»

«ከወጣ ወረፋሽ ይሰረዛል።»

«ይሰረዝ። አሥር ዓመት ጠብቄ መች ደረሰኝ? ይሄ ቤት ከተዘጋ አንተ ምን ትሆናለህ?»

አሥር ዓመት ነው የቆጠበችው። ምሳ ሳትበላ የዋለችበትን ቀን አውቃለሁ፤ ዝናብ እየመታት በእግሯ የገባችበትን አውቃለሁ። በየወሩ፣ ያለ ማቋረጥ። እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ፤ አውቄ ነው ያደረግሁት የምትል። ልጄ ግንባሬን ስማ፣ «ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ ጠብቀኝ፣ አብረን እንሄዳለን» ብላኝ ሄደች። «እሺ» አልኳት።

እስካሁን አልነገርኳትም። ዛሬም ለሰው፣ «እኔ ነኝ አባቴን ያሳሳትኩት» ስትል እሰማታለሁ፤ እኔም ተቀምጬ እሰማለሁ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን የአከራዬን በር አንኳኳሁ። ጋቢውን እንደለበሰ ወጣ። «ገንዘቡን አመጣህ?» አለኝ። ለኪራዩ የያዝኩትን ገንዘብ ሥራቸውን ላልጨረስኩላቸው ቀብድ ከፋዮች እንደምመልስ ነገርኩትና ቁልፉን በመዳፉ ላይ አኖርኩለት። ከዚያ የብየዳ ማሽኔን ጋሪ ላይ አስጫንኩ፤ ልጄ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ቁጠባዋን የምታወጣለት ኪራይ አልነበረም።