የኅዳር ቀጠሮ

ወረታ በሚገኘው የሩዝ ገበሬዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ለአዲስ አበባዋ ደንበኛችን በ13 እናደርሳለን ያልነው ሩዝ ግማሹ ገና አልተወቃም ነበር። ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ የዋለው ሚካኤል ተከታትለው፣ በፎገራ ሜዳ ሦስት ቀን ሙሉ አውድማ የነካ ሰው አልነበረም።

የይቅርታ ኢሜይል ጻፍኩና ለሊቀመንበራችን አነበብኩላቸው። «በበዓላት ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ሚካኤል ዘንድሮ ነው እንዴ የተጀመረ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ቀኑን የቆረጥክ አንተ! እሱን በላቸው።»

ተናደድኩ። የቀረውን ሳላነብላቸው ወጥቼ ብቻዬን አስተካከልኩት፦ «ቀኑን የቆረጥኩት በዓላቱን ሳልቆጥር ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተፈትጎ በመጋዘን ያለው ግማሹ ዛሬ ተጭኖ ነገ ማታ ይደርስዎታል። ቀሪውን ረቡዕ ኅዳር 21 እንጭናለን። እስኪደርስ ድረስ ጠዋት ጠዋት እደውልልዎታለሁ።» እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም ብዬ ላክሁት።

መልሱ ሻይዬን ሳልጨርስ መጣ፦ «ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ የዛሬው ጭነት ለጊዜው ይበቃኛል። ግን ኅዳር 21 እኮ ጽዮን ማርያም ናት። ማን ይጭንልዎታል?»

አንገቴን ደፍቼ ለሊቀመንበሩ አነበብኩላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«በል ጻፍላቸው» አሉኝ፣ «ከእንግዲህ ቀኑን እርስዎ ይቁረጡልን በላቸው።»