አምስት በር፣ አንድ ቡና

አባቴ ገንዘባቸውን በሃይማኖት ከፋፍለው ያስቀመጡ ሰው ነበሩ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አለ፤ ይሳቅ። ያን ጊዜ የእኔ ትዳር የተንጠለጠለው በዚሁ ክፍፍል ላይ ስለነበር እኔን አያስቀኝም።

አባቴ በወጣትነታቸው ከሸዋ ዘምተው መጥተው ሐረር የቀሩ ግራዝማች ናቸው። ንግድ አያውቁም፤ መነገድም ከክብራቸው የሚያንስ ይመስላቸው ነበር። ብር ሰጥቶ ማስነገድን ግን አልናቁትም። በአምስቱ የከተማ በሮች አምስት ነጋዴዎች መርጠው ለእያንዳንዳቸው ለቡና ንግድ እኩል ብር ሰጡ። ትርፉን ሊካፈሉ፣ ኪሳራም ከመጣ ከዋናው ሊጎድልባቸው ተዋዋሉ። በኤረር በር ያሉት የከተማው ተወላጅ ሐጂ ናቸው። ሌላው ህንዳዊ፣ ሌላው አርመን፣ አንዱ የመናዊ፣ የመጨረሻው የኛው ክርስቲያን።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ እኔ አምስት አለኝ» ይሉ ነበር እንግዳ በመጣ ቁጥር። በአንድ መስጊድ የማይሰግዱ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የማይስሙ፣ በአንድ ቋንቋ የማይጣሉ ሰዎች አብረው ሊወድቁ አይችሉም ባይ ናቸው። እኔም አምኛቸው ነበር። ማን ያላመነ አለ? ሰፈሩ ሁሉ ብልጠታቸውን ያወራ ነበር።

እናቴ ብቻ አልተደነቀችም። ከእናቷ የወረሰችው ጥቂት ብር ነበራት፤ እሱን አባቴ «ቁርጥራጭ» በሚሉት መንገድ በተነችው። በኤረር በር አካባቢ አንዲት ክፍል ገዝታ አከራየች። ጊደሮች ገዝታ፣ ጥጃውን ሊካፈሉ፣ ለአንድ ገበሬ ለእርቢ ሰጠች። ከቀረው ደግሞ ከከተማው ውጭ ሶፊ በሚባል ገጠር ከሌላ ገበሬ ጋር በጫት ማሳ ገባች።

ጫት! የክርስቲያን ሴት፣ የግራዝማች ሚስት። ዛሬ እንኳ ስጽፈው ፊቴን ያግለኛል። ገበሬው ድርሻዋን ሊሰጣት ሲመጣ ጓሮ በር እንጂ ዋናው በር አይከፈትለትም ነበር፤ አንድ ጊዜ በአህያው ላይ በዙርባ የታሰረ ጫት ጭኖ ሲያልፍ ጓደኞቼ አይተው ሳምንት ሙሉ ቀልደውብኛል። አባቴ እንዳላየ ያልፉ ነበር። እናቴን ለምን ጫት መረጥሽ አልኳት። «ቡናውን ፈረንጅ ነው የሚጠጣው፤ ጫቱን የሐረር ሰው ነው የሚቅመው። ፈረንጁ ቢያኮርፍ የሐረር ሰው አብሮ አያኮርፍም» አለችኝ። የሴት ወሬ ነው ብዬ ተውኩት፤ እኔ ራሴ ወንድ የሆንኩ ይመስል።

እጮኛዬ ሐኪም ከሚባለው ተራራ በኩል የሆነ የደህና ቤተሰብ ልጅ ነበር። በሰማንያ ልንጋባ፣ መቋቋሚያ እንዲሆነን የሁለቱም ወገን ወላጆች እኩል ብር ሊያዋጡ ተነጋገሩ። አባቴ የሚያዋጡትን ከፍ አድርገው ጠሩ። ከጠሩት ካጎደሉ ነገሩ ሊፈርስ ይችላል። ታጭታ የቀረች ልጅ ደግሞ በሐረር ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

ብሩ ሊቀርብ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ባሕር ማዶ የቡና ዋጋ ወደቀ። መጀመሪያ የመናዊው ከሰርኩ ብሎ ላከ። አባቴ «አራት አሉኝ» አሉ። ቀጥሎ አርመኑ፣ ከዚያ ህንዳዊው። የኛው ክርስቲያን ሱቁን ዘግቶ ወደ ድሬዳዋ መጥፋቱን ስንሰማ አባቴ በቅሎ አስጭነው ኤረር በር ወረዱ፤ እኔም ለገበያ ተከትያቸው ነበርና አብሬ ቆምኩ።

ሐጂ ወንበር አቀረቡላቸው። ከዚያ ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው።

«ግራዝማች፣ ወላሂ እርስዎ ያበዙት ሰው ነው። ሰዉ አምስት፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ሁላችንም ቡና ገዛንበት፤ በአንድ ባቡር ጅቡቲ አወረድነው፤ እዚያ የሚገዛን ጠፋ።»

አባቴ እርስዎስ አልከሰሩም ወይ ብለው ጠየቁ። ሐጂ እንዴት አልከስርም አሉ። የራሳቸውን ብር በቡና፣ በቆዳ፣ በጨርቅና በቤት ኪራይ ከፍለውት ኖሯል፤ ቆዳውም ከቡናው ጋር አብሮ ወርዷል፣ ጨርቁም ቀዝቅዟል፤ ቤቶቹ ግን አሉ። «ቆስያለሁ፤ አልሞትኩም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። አባቴ ለምን አስቀድመው እንዳልነገሯቸው ሲያማርሩ፣ የሰጡኝ ለቡና ነው፣ ሌላ የት እንዳስቀመጡ እኔ በምን አውቄ ብለው መለሱላቸው። እውነታቸውን ነው። አባቴ ከወንበሩ ሲነሱ የነጋዴዎቹ ልጆች ሁሉ ያዩን ነበር፤ እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

እቤት የእናቴ ቁርጥራጭ ቀርቶ ነበር። እሱም ሙሉ አልነበረም። ጊደሮቹን በሽታ ጨርሷቸዋል። የክፍሏ ተከራይ ቡና ለቃሚ ስለነበረች ቡናው ሲወድቅ ኪራይ መክፈል አቅቷታል፤ እናቴ ክፍሏን በርካሽ ለሌላ ሰው አከራየች። ጫቱ ብቻ እንደ ድሮው ይሸጥ ነበር። «ዝናብ ቢቀር እሱም ይደርቅ ነበር» አለች እናቴ፣ ሳትኩራራ። ካለው ሁሉ አጠራቅማ አባቴ ከጠሩት እኩሌታ የሚሆን ብር በከረጢት አድርጋ ሰጠቻቸው።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን እኔና እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን። አባቴ ከረጢቱን አቅርበው፣ ጊዜው ከፍቶ እኩሌታው መቅረቱን ተናገሩ። «ይህ ከቡናዬ የተረፈ ነው» አሉ። እናቴን አየኋት፤ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። እኔ እፎይ አልኩ።

የእጮኛዬ አባት ግን አደነቁ። አገሩ ሁሉ በቡና ሲያለቅስ እኩሌታውን ያተረፈ ሰው ብልህ ነው አሉ። እሳቸውም ያንኑ ያህል ብቻ እንደሚያዋጡ፣ የልጆቹን ብር አንድ ላይ አባቴ ይዘው ለነዚያው ለአምስቱ ነጋዴዎች እንዲያከፋፍሉት ጠየቁ። ቡና ሲረክስ ነው የሚገዛው አሉ። አባቴ ላባቸውን ጠርገው «እሺ» አሉ።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን ያዝኩባት፤ አስለቀቀችኝና ወንዶቹ መካከል ገባች።

«ከቡናው አንድ ብር አልተመለሰም። ይሄ የሶፊ ጫት ብር ነው፤ የእኔ ነው። የልጆቹን ብር አንድ ነገር ላይ አትከምሩት።»

ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት የነፍስ አባታችን ወደ ጣሪያ ማየት ጀመሩ። የእጮኛዬ አባት፣ ጫት አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉ አፋቸውን እንዳያቆሽሽባቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ፤ በጦርነት ሲቆስሉ እንኳ እንዲያ አልሆኑም ይባላል።

ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ጋብቻው እንዲጸና፣ ነገር ግን የጫቱ ብር በሌላ ብር እንዲለወጥ ተስማሙ። ሐጂ ዘንድ ተልኮ ተለወጠ፤ ያችው የፈረንጅ ንግሥት የተቀረጸችበት፣ ያው ብር መጣ። የጫት ሽታ የለበትም ተባለና ተቀበሉት። ለነጋዴዎቹ መስጠቱም ተረሳ፤ ከእናቴ ቃል በኋላ ደፍሮ የሚያነሳው አልተገኘም።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ የተቀመጡበትን ምንጣፍ ስትጠቀልል ረዳኋት። ፊቷን አላዞረችም።

«አሳፈርኩሽ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«እንግዲያው የጓሮውን በር ክፈቺ፤ የጫቱ ገበሬ ቆሟል» አለችኝ። ሄጄ ከፈትኩ፤ ግራና ቀኝ የሚያየን ሰው እንደሌለም አስቀድሜ አረጋገጥኩ።