ሁለት ሰዓት ከሰባ አምስት ደቂቃ

ባሌ ሸረፈዲን ሰው ጠይቆ እስኪጨርስ የሚታገሥ ፍጡር አይደለም። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለን። አንዷ መጥታ «ለሁለት መስኮት መጋረጃ ስንት ሜትር…» ስትል፣ እሱ ሜትሩን ነግሯት፣ ቀለም መርጦላት፣ መቀሱን አንሥቷል። «ቆይ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ትናገር!» እያልሁ ስጮህ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ክፋት ኖሮበት አይደለም። የተቸገረ ሰው ሲያይ አያስችለውም።

ይኸው ጠባዩ ነው ልጃችንን ጉድ የሠራት። ሰሚሐ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሱቁ ግርግር ስለሆነ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ፣ አክስቷ ቤት ትቆያለች። የቤት ሥራዋን ትሠራና በአክስቷ ስልክ ፎቶ አንሥታ ለአባቷ በቴሌግራም ትልካለች። አይቶ ያርማታል ተብሎ ነበር። የት አባቱ! ስሕተት ባየ ቁጥር «ሦስተኛው አርባ ስምንት ነው፣ አምስተኛው ዘጠና ነው» ብሎ መልሱን ይልክላታል። ደብተሯ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ትክክል! አንድ ቀን መምህርቷ ሰብለ ወንጌል ሰሌዳ ላይ ብታወጣት ልጄ ጠመኔውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ልጆቹ ሳቁባት። ማታ ቤት ገብታ «ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ ብቻ ነኝ ደደብ። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች።

መምህርቷ ለሸረፈዲን ደወለችለት። «ይዩላት እንጂ አይንገሯት። ስሕተቷን ራሷ ታግኘው። ሐሙስ እንደገና ሰሌዳ ላይ አወጣታለሁ፤ ያኔም ካቃታት ልጅቷ ተስፋ እንዳትቆርጥ እሰጋለሁ» አለችው። እሱም ፊቴ ቆሞ ወላሂ ብሎ ማለ፤ አንዲት መልስ ከአፉ ላትወጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፎቶው መጣ። የሰዓት ሒሳብ ነው፤ አራት ጥያቄ። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ስንት ጊዜ አለፈ የሚል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አየና «ማሻአላህ» አለ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ጥያቄው «አንዲት ጀልባ ከባሕር ዳር ከጠዋቱ 1፡45 ተነሥታ ደቅ ደሴት 4፡20 ደረሰች፤ ጉዞው ምን ያህል ጊዜ ወሰደ?» ይላል። ልጅቷ 4፡20ን ከላይ፣ 1፡45ን ከታች ጽፋ ቀንሳለች።

«ጀሊላ፣ ነይ እስቲ እይልኝ። ይህቺ ቁጥር ሦስት ናት ሰባት?» አለኝ፤ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ።

«ሰባት ናት። ሁለት ሰዓት ከሰባ አምስት ደቂቃ።»

«የሆነ ነገር አላማረኝም» አለና ስልኩ ላይ ካልኩሌተሩን ከፈተ። አራት ነጥብ ሃያ ሲቀነስ አንድ ነጥብ አርባ አምስት ብሎ መታው። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? 2.75! «በይ፣ ትክክል ናት!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

እኔ ደግሞ በጣቴ ቆጠርሁ። ከ1፡45 እስከ ሁለት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ፤ ከሁለት እስከ አራት ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት! «ሸረፈዲን፣ አይደለም» አልሁት።

«ማሽን ይሳሳታል እንዴ?»

«የማሽኑን እንጃ። ጣቴ ግን አልተሳሳተም።»

ሁለታችንም ተያየን። አንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች፤ ማን ይያት! እሱ እንደገና መታው፤ 2.75። እኔ እንደገና ቆጠርሁ፤ 2፡35። እንዴት ነው ነገሩ? መቀነሷን ብናየው አንዲት እንከን የለባትም። የላይኞቹን ሁለቱን በዚያው ዘዴ ሠርታ አግኝታቸው የለ? ወላሂ ጭንቅላቴ ዞረ። መልሱን ይዤ ስሕተቱ የት እንዳለ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

«የኔን ቁጥር እንዳትነግራት!» አልሁት።

«ምን በወጣኝ! ምዬ የለ እንዴ!» አለና ድምፅ ላከላት። «ሰሚሐዬ፣ ሦስተኛዋን ደግመሽ እያት እስቲ» ብቻ ነው ያለው።

ከትንሽ ቆይታ በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ። አላህ ያሳያችሁ! አራቱንም በላጲስ ፍቃ አጥፍታቸዋለች። ትክክል የነበሩትን ሁለቱን ጭምር! ወረቀቱ ጠቁሯል፤ አንዱ ጥግ ተቀዷል። ከሥሩ ድምፅ ልካለች፤ እያለቀሰች። «ሁሉም ስሕተት ነው አይደል? አንተ ታውቀዋለህ፤ ደብቀኸኝ ነው።»

ሸረፈዲን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ስልኩን ጭኑ ላይ አደረገ። አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ሠላሳ አምስት ሊል ነው ብዬ ክንዱን ቆነጠጥሁት። እሱ ግን በድምፅ የላከላት ሌላ ነው።

«ልጄ፣ ወላሂ አልደበቅሁሽም። እኔም አላውቀውም። ካልኩሌተሩ ያንቺን ይላል፣ እናትሽ ደግሞ አይደለም ትላለች፣ እኔ መሐል ላይ ቁጭ ብዬ ግራ ገብቶኛል።»

ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ፣ ደንበኛዋ ሳትቀር፣ ስልኩን እናያለን።

ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ልቅሶው የለም። «አንተም?»

«እኔም።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ድብን አድርጎ! በይ እስቲ አብረን እንፈልገው። የአክስትሽን የግድግዳ ሰዓት አውርጂና 1፡45 ላይ አድርጊው። ከዚያ እያዞርሽ 4፡20 አድርሽው። የምታዪውን ንገሪኝ፤ እኔ እሰማለሁ።»

ደወለች። አክስቷ ወንበር ስታቀርብላት፣ ሰዓቱ ሲወርድ ይሰማናል። «ትልቁን እያዞርሁት ነው… ሁለት ሰዓት ሞላ… ሦስት… አራት…» እያለች መጣችና ድንገት ቆመች። ሸረፈዲን ከንፈሩን ነክሷል። እንዲህ አፉን ዘግቶ አይቼው አላውቅም።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች። «ደቂቃው ስልሳ ላይ ሲደርስ እኮ ሰዓት ሆኖ ያልፋል! ሰባ አምስት የሚባል ደቂቃ አይተርፍም! ከአራቱ ሰዓት አንዱን ስወስድ መቶ አድርጌው ነው። ለካ ስልሳ ነው!»

«እህ?» አለ ባሌ። እውነቴን ነው፣ ገና አልገባውም ነበር።

«ስልሳ ከሃያው ጋር ሰማንያ። አርባ አምስት ሲቀነስ ሠላሳ አምስት! የላይኞቹ ምንም መውሰድ አላስፈለጋቸውም፤ ለዚያ ነው ትክክል የነበሩት። ለምን አጠፋኋቸው!»

ሸረፈዲን ካልኩሌተሩን አየ፤ እኔን አየ። «ለካ ይኼም ከመቶ ነው የሚወስድ! ስለ ሰዓት ምን አውቆ!» አለ፤ በማሽኑ ተቆጥቶ። ደንበኛዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። አራተኛውን ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ ሠርታ፣ የፋቀቻቸውንም መልሳ ጽፋ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት አዲስ ፎቶ ላከች።

ሐሙስ ቀን ባሌ ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። ጨርቅ ሲለካ ይሳሳታል፣ በር በር ያያል። ሰሚሐ አክስቷ ቤት ሳትሄድ ቀጥታ ሱቅ መጣች፤ እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«ወጣሽ?» አልኋት።

«ወጣሁ። ሠራሁት። መምህርቷ ማን አሳየሽ ስትለኝ…»

«አባቴ አልሽ?» አለ ሸረፈዲን፤ እንደ ልማዱ ሳትጨርስ።

«አይ። አባቴ አያውቀውም፣ ግራ ገብቶት ነበር፣ አብረን ነው የፈለግነው አልኋት።»

«ክፍሉ ሁሉ እየሰማ?»

«አዎ። ከዚያ አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ እጇን አወጣች። እሷ እኮ እጇን አውጥታ አታውቅም። 'እኔም አልገባኝም' አለች።»

ባሌ መቀሱን አስቀምጦ ልጁን ባንኮኒው ላይ አወጣትና የእጇን ጠመኔ በሸሚዙ ጠረገላት። ትናንት ያጠብሁትን ሸሚዝ! ልቆጣ አፌን ከፈትሁና ተውሁት።